አሮጌው ላፕቶፕ ይቅደም፣ ነፃው ክላውድ ይከተል

«ነፃ ክላውድ እያለልህ አሮጌ ላፕቶፕ ሌት ተቀን ማቃጠል ምን ይሉታል?»

ለብዙ ሥራ ልክ ነው። የእኔ ሥራ ግን ከብዙው አይደለም። አንድ የአየር ሁኔታ ጣቢያ በየሰዓቱ የሙቀትና የዝናብ ልኬት ድረ ገጽ ላይ ያወጣል። አዲሱ ልኬት ሲመጣ የቀድሞው ይጠፋል፣ ማህደር የለውም። የእኔ ስክሪፕት በሰዓት አንዴ ይነሳል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ አንድ ረድፍ ይጽፋል፣ ይተኛል። ሥራው አስር ሰከንድ አይሞላም። ያመለጠ ሰዓት ግን ተመልሶ አይገኝም።

ስክሪፕታችሁ ትናንት ያልሠራውን ዛሬ መሥራት የሚችል ከሆነ ክላውዱ ላይ ጣሉትና እፎይ በሉ። ከዚህ በታች ያለው ለናንተ ብዙም አይደለም። መካካስ የማይችል ከሆነ ግን ነፃው አገልግሎት ምን ቃል እንደገባላችሁ ማየት ያስፈልጋል።

ጊትሃብ አክሽንስን እንውሰድ፣ ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው። ሰነዱ በግልጽ እንደሚለው በጊዜ የተያዘ ሥራ ጫና ሲበዛ ሊዘገይ ይችላል፤ ጫናው ከባሰም ወረፋ ላይ ያለው ሥራ ጭራሽ ሊዘለል ይችላል። ጫና የሚበዛው ደግሞ ሰዓቱ ሲሞላ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁላችንም ደቂቃውን ዜሮ ብለን እንጽፋለን።

መዘግየት ብቻ ከሆነ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። እንቁጠረው። ጣቢያው ልኬቱን ልክ ሰዓቱ ሲሞላ ይቀይራል እንበል። ስክሪፕቱን 6፡50 ላይ ቀጥሬዋለሁ። ክላውዱ 15 ደቂቃ ዘግይቶ 7፡05 ላይ ያስነሳዋል። ያኔ የሚያነበው የ7 ሰዓቱን ልኬት ነው። ቀጣዩ ዙር 7፡50 ላይ በሰዓቱ ይነሳና ያንኑ የ7 ሰዓት ልኬት ይደግመዋል። የ6 ሰዓቱ የለም። የረድፎቹ ብዛት ግን ልክ ነው፣ ሎጉም ሁሉንም አረንጓዴ ያሳያል። ስህተት የሚባል ነገር አልተፈጠረም!

ስለዚህ ሰዓቱን ከጠርዝ ማራቅ ነው። እንዲህ፦

```
on:
  schedule:
    - cron: '7 * * * *'
```

7ኛው ደቂቃ ላይ ከተቀጠረ ልኬቱ እስኪቀየር 53 ደቂቃ አለ። ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ እንኳ ትክክለኛውን ቁጥር ያገኛል። ሌላው የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ረድፍ ላይ ሁለት ሰዓት መጻፍ ነው፤ ልኬቱ የተወሰደበትንና ስክሪፕቱ የተነሳበትን። ሁለቱን ስታስተያዩ መዘግየቱም መደጋገሙም ፍንትው ብሎ ይታያል። አንዱን ብቻ ከጻፋችሁ ግን የጠፋውን ሰዓት ማንም አያውቅላችሁም።

መዘለሉን ግን የደቂቃ ምርጫ አይፈታውም። ሌላም አለ። ሪፖዚተሪው ለሁሉም ክፍት ከሆነና 60 ቀን ምንም እንቅስቃሴ ካላየ፣ በጊዜ የተያዘው ሥራ በራሱ ይቆማል። መረጃውን ወደ ሌላ ቦታ የሚልክ ስክሪፕት ወጥመዱ ውስጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ለሁለት ወር ምንም የሚስተካከል ነገር አልነበረም፣ ስለዚህ ኮሚት የለም። ያለ እንከን ስለሠራ ይቆማል ማለት ነው። ዝግ ሪፖዚተሪ ላይ ደግሞ ነፃው ኮታ በወር 2000 ደቂቃ ነው፣ የእያንዳንዱ ሥራ ጊዜም ወደ ሙሉ ደቂቃ ይጠጋጋል። በሰዓት አንዴ ከሆነ በወር 720 ደቂቃ ስለሚወስድ ይበቃል። በየ15 ደቂቃው ልበል ካላችሁ ግን 2880 ይመጣና ወሩ ሳያልቅ ኮታው ያልቃል። አስር ሰከንድ ለማይሞላ ሥራ!

አሁን ወደ ላፕቶፑ። ቅዱስ ነው አልልም። እንዲያውም ትልቁን ክፍተት የፈጠረብኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ጠረጴዛውን ያጸዳ ሰው ክዳኑን ዘጋው። በቃ፣ ተኛ። እኔ ያወቅሁት ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ 90 የሚሆን ረድፍ ጠፍቶ። መፍትሔው `/etc/systemd/logind.conf` ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት፦

```
HandleLidSwitch=ignore
```

ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚሻልበት ነገር አለው። ባትሪው ትንሽም ቢሆን ከያዘ መብራት ሲሄድ አይጠፋም። ግን እዚህም ተሸውጃለሁ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ንቁ ነበር፣ ራውተሩ ግን ከመብራቱ ጋር ሄዷል። ስክሪፕቱ በሰዓቱ ተነስቶ፣ መስመር አጥቶ፣ ተመልሶ ተኝቷል። አሁን ካልተሳካለት በየአምስት ደቂቃው ይሞክራል፣ ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስ። መብራቱ ከሰዓት በታች ከቆየ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። የ`systemd` ሰዓት ቆጣሪ `Persistent=true` የሚል አማራጭ አለው፤ ማሽኑ ጠፍቶ ያለፈውን ቀጠሮ ሲነሳ ያካክሳል። የሚያካክሰው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ስንት ቀጠሮ ቢያልፍም። ለዕለታዊ ሥራ ግሩም ነው። ለእኔ አምስት ሰዓት ከጠፋ አምስቱም ጠፍተዋል።

ታዲያ ለምን ላፕቶፑን አስቀድማለሁ? ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ። ክዳኑን፣ ራውተሩን፣ ሙከራውን አስተካክላለሁ፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሰዓቱን በተመለከተ ማሽኑ በርቶ ካለ በተባለው ደቂቃ ይነሳል፣ ወረፋ የሚባል ነገር የለም። የክላውዱ መዘግየት ግን የውሉ አካል ነው። በነፃ የወሰድኩትን ነገር ለምን ዘገየህ ብዬ ማንን ልከሰው?

ሁለቱንም የሚያስተካክላቸው አንድ ነገር አለ። የአራት ቀኑ ጉድ ያመመኝ በመቆሙ ሳይሆን ዝም ብሎ በመቆሙ ነው። የተኛ ኮምፒውተር ተኝቻለሁ ብሎ ኢሜይል አይልክም። ስለዚህ ጠባቂው ሌላ ቦታ መሆን አለበት። `healthchecks.io` ዓይነት አገልግሎት የሚሠራው ተገልብጦ ነው፤ በየሰዓቱ «አለሁ» የሚል ምልክት ይጠብቃል፣ ሲቀርበት ይጮኻል።

```
./record.sh && curl -fsS -m 10 --retry 3 https://hc-ping.com/your-uuid
```

`&&` የምትለዋን አትርሷት። ምልክቱ የሚላከው ስክሪፕቱ ከተሳካ ብቻ ነው። ስክሪፕቱም መሳካት ማለት ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ውስጡ ያለው `curl` ያለ `-f` ከሆነ የስህተት ገጽ ሲመጣለት እንኳ ተሳካ ይላል። እኔ ከዚያም አልፌ ያገኘው ነገር ቁጥር መሆኑን እፈትሻለሁ፣ ካልሆነ `exit 1`።

አሁን ሁለቱም ይሠራሉ። ላፕቶፑ 5ኛው ደቂቃ ላይ፣ ክላውዱ 7ኛው ላይ። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባቂ አለ፣ አለበለዚያ አንዱ የሌላውን መቆም ይሸፍናል። ማታ ላይ ሁለቱን ፋይሎች በልኬቱ ሰዓት አገናኛቸዋለሁ፣ የተደጋገመው ይወድቃል። የቤቴ መብራትና የክላውዱ ወረፋ የሚገናኙበት ነገር ስለሌለ ሁለቱ በአንድ ሰዓት መቅረታቸው ብርቅ ነው። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ሞክሩ፤ አንዳንድ ድረ ገጾች ከዳታ ሴንተር አድራሻ የሚመጣን ጥያቄ በ403 ይመልሳሉ። እንዲህ ከሆነ ክላውዱ ገና ከመጀመሪያው ከጨዋታ ውጭ ነው።

ሁለቱም ያመለጣቸው ሰዓት ሲገኝ ረድፉን ባዶ እተወዋለሁ፣ በግምት አልሞላውም። ክዳኑ ላይ ደግሞ «አይዘጋ» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። ከዚያች መስመር በኋላ ባያስፈልግም።