ሁለት ምርጫ ከቀረሽ አትዝለዪው

«ለጌት እየተዘጋጀሁ ነው። ስህተት ነጥብ ያስቀንሳል። ሁለት ምርጫ ላይ ስጣበቅ ልመልስ ወይስ ባዶ ልተወው?»

መልሺ። «ካልተማመንሽ ዝለዪው» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰጣል፣ እኔ ግን በዚህ ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥል ምክር ነው እላለሁ።

ለማያውቁት፣ ጌት በህንድ የምህንድስናና የሳይንስ ድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው። አዲስ አበባ ላይ የተሰጠባቸው ዓመታትም አሉ። 65 ጥያቄ፣ 100 ነጥብ፣ 3 ሰዓት። ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ላይ ከተሳሳትሽ የጥያቄው ነጥብ ሲሶ ይቀነሳል፤ ባለ 2 ነጥብ ከሆነ 0.67 ገደማ ማለት ነው።

ይህ ሲሶ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። አራት ባለ 2 ነጥብ ጥያቄዎችን ምንም ሳታውቂ በጭፍን ብትመልሺ በአማካይ አንዱን ታገኛለሽ፣ ሦስቱን ትስቻለሽ። ያገኘሽው 2፣ የተቀነሰብሽም 2። ዜሮ። ቅጣቱ የጭፍን ግምትን ትርፍ ያጠፋል፣ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ አንድ ምርጫ እንኳን በእውቀት ከጣልሽ ሚዛኑ ወደ አንቺ ያጋድላል። ሁለት ከጣልሽ ደግሞ በአማካይ በየጥያቄው 0.67 ታተርፊያለሽ።

በአንድ ጥያቄ እንየው። አንድ ጫፉ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የብረት ምሰሶ በጋደመበት ነጻ ጫፉ ላይ ሸክም ተንጠልጥሎበታል። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን የጫፉ መጉበጥ ስንት እጥፍ ይሆናል? ምርጫዎቹ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ናቸው። ቀመሩ ጠፋብሽ እንበል። ግን ርዝመት ሲጨምር ጉብጠቱ በጣም እንደሚፈጥን ታውቂያለሽ፣ 2 ወደቀ። 4 ደግሞ ጫፉ ላይ ሸክም ሳይሆን የሚጠመዝዝ ሞመንት ብቻ ሲኖር የሚመጣ መሆኑ ትዝ አለሽ፣ እሱም ወደቀ። 8 እና 16 ቀሩ። እዚህ ላይ ዘለሽ ማለፍ የያዝሽውን እውቀት መጣል ነው፤ እስካሁን የሠራሽው ሥራ ነጥብ ያወጣልና። (መልሱ 8 ነው፤ 16 የሚሆነው ሸክሙ በምሰሶው ርዝመት ሙሉ እኩል ሲዘረጋና በየሜትሩ ያለው ሸክም ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ነው።)

«ዕድሌ ጠማማ ቢሆንስ?» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል፣ ግን እናስላው። እንዲህ ሁለት ምርጫ ላይ የቀሩ 12 ባለ 2 ነጥብ ጥያቄዎች አሉሽ እንበል። ሦስቱን ብቻ ብታገኚ 6 አግኝተሽ 6 ይቀነስብሻል፣ አትጎጂም። የምትከስሪው ከ12ቱ ሁለትና ከዚያ በታች ካገኘሽ ብቻ ነው፣ ይህም ከመቶ ሁለት ጊዜ ገደማ የሚያጋጥም ነገር ነው። በአማካይ ግን 8 ነጥብ ታገኛለሽ።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ጥያቄ አውጪዎች የተሳሳቱትን ምርጫዎች የሚሠሩት ተማሪ በብዛት ከሚሠራው ስህተት ነው። ያ 16 ቁጥር እዚያ የተቀመጠው ሁለቱን ቀመሮች ለሚያምታታ ሰው ነው። ቁጥሩን «የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ» ብለሽ ከመረጥሽ ዕድልሽ ግማሽ አይደለም፣ ከሩብም ሊያንስ ይችላል። ይህን ደግሞ በስሜት አታውቂውም። ሞዴል ፈተና ስትሠሪ ባልተማመንሽበት ጥያቄ ጎን ስንት ምርጫ እንደቀረሽ ጻፊ፣ 2 ወይም 3። ስታርሚ «2» ያልሽባቸውን ለብቻ ቁጠሪ። ከ40ዎቹ 20 አካባቢ ካገኘሽ ግምትሽ ጤነኛ ነው። 14 ብታገኚም ታተርፊያለሽ፣ ወሰኑ 10 ነው። ከዚያ ከወረደ የትኛው የትምህርት ክፍል ላይ እንደተከማቸ እዪ፤ እዚያ ክፍል ላይ እስክታጠኚው ድረስ መዝለሉ ይሻልሻል።

ሕጉ ሲለወጥ ይህ ሁሉ ይለወጣል። ትክክል 1 የሚያስገኝ፣ ስህተት ደግሞ ሙሉ 1 የሚያስቀንስ ፈተና ላይ ሁለት ምርጫ ላይ መጣበቅ ዜሮ ነው፤ እዚያ ከግማሽ በላይ ካልተማመንሽ ዝለዪ። በጌት ውስጥም ቁጥር ተሰልቶ የሚጻፍባቸውና ከአንድ በላይ ትክክል መልስ ሊኖራቸው የሚችሉት ጥያቄዎች ምንም አያስቀንሱም፣ እነሱን ባዶ መተው በፍጹም አይገባም።

አንድ ነገር ደግሞ ስክሪኑ ላይ ተጠንቀቂ። መልስ መርጠሽ Mark for Review & Next ከተጫንሽ መልሱ ይታረማል። «በኋላ እመለስበታለሁ» ብለሽ እንደ ማስታወሻ የነካሽው ምርጫ ሰዓት ካለቀ እንደ መልስ ይቆጠርብሻል። በእርግጥ ባዶ እንዲሆን የፈለግሽውን Clear Response ብለሽ አጥፊው።