ሪፖርት የምትጽፉ ወገኖቼ፣ ዋናውን ነገር ገጽ 41 ላይ አትቅበሩት

በየመስሪያ ቤቱ፣ በየኤንጂኦው፣ በየማህበሩ ሪፖርት የምትጽፉ ወገኖቼ፣ የምናገረው ለእናንተ ነው፣ ጠንከር አድርጌ ነው የምናገረውም። መስክ ትወርዳላችሁ፣ ገበሬውን ታናግራላችሁ፣ ቁጥር ትለቅማላችሁ፣ ሌሊት ቁጭ ብላችሁ 60 ገጽ ትጽፋላችሁ፣ ከዛ ማውጫው ሲከፈት የሚታየው ምንድነው? መግቢያ። ዓላማ። የተከናወኑ ዋና ዋና ተግባራት። ያጋጠሙ ችግሮች። የተወሰዱ የመፍትሄ እርምጃዎች። ማጠቃለያ። ይሄ ማውጫ የጤና ሪፖርት ላይ ቢለጠፍ ይሆናል፣ የመንገድ ሪፖርት ላይም ይሆናል፣ አምናም ቢለጠፍ ዘንድሮም ቢለጠፍ ለውጥ የለውም። ስለምንም ነገር የሆነ ርዕስ ስለእናንተ ስራ አንዲት ነገር አልተናገረም ማለት ነው።

ሃላፊው ደግሞ 60 ገጹን አያነብም። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ጠረጴዛው ላይ እንደናንተው አይነት ብዙ ሪፖርት ተቆልሏል፣ ግማሹንም ስብሰባ ላይ ሆኖ በስልኩ ቴሌግራም ላይ ከፍቶ ነው በጣቱ እየገፋ የሚያየው። ሲገፋ አይኑ የሚያርፈው ደመቅ ብሎ የተጻፈው ላይ ነው፣ እሱም ርዕሱ ነው። ስለዚህ ለአብዛኛው አንባቢ ሪፖርታችሁ ማለት ርዕሶቹ ናቸው፣ ይሄን ተቀብላችሁ ጻፉ።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንየው። የወረዳ ውሃ ጽህፈት ቤት የግማሽ ዓመት ሪፖርት ነው እንበል፣ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ነኝ የማስቀምጣቸው። ወረዳው 48 የእጅ ፓምፕ አለው፣ ባለሙያዎቹ ዞረው ሲያዩ 19ኙ ውሃ አይሰጡም። ከ19ኙ 14ቱ የቆሙት ጎማቸው አልቆ ወይም ሌላ ትንሽ መለዋወጫ ጠፍቶ ነው፣ 3ቱ ጉድጓዱ ራሱ ደርቋል፣ 2ቱ ተሰባብረዋል። መለዋወጫው የሚገኘው ዞን ከተማ ብቻ ነው፣ የውሃ ኮሚቴዎቹ ደግሞ የሰበሰቡት ብር ለመጓጓዣው እንኳን አይበቃም። ይሄ ሁሉ ተጽፏል። የት? ገጽ 41 ላይ፣ «የውሃ ተቋማትን አፈጻጸም በተመለከተ» በሚል ርዕስ ስር፣ ሶስተኛው አንቀጽ መሃል ላይ፣ ስለተሰጠው ስልጠናና ስለተደረገው የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ከተወራ በኋላ። በጀት የሚፈቅደው ሰውዬ «በተመለከተ» የሚል ርዕስ አይቶ አልፎታል፣ ምን ያስቆመው? በጋው ገባ፣ ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ወንዝ ወረዱ፣ መረጃው ግን ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብሏል። እዚህ ጋ ጥፋቱ የአንባቢው ነው ብላችሁ እንዳታመልጡ።

አሁን ያንኑ ክፍል አንድም አዲስ መረጃ ሳንጨምር ርዕሱን ብቻ እንቀይረው። ትልቁ ርዕስ «ከ48 የእጅ ፓምፖች 19ኙ ውሃ አይሰጡም» ይሁን። ከስሩ ያሉት ንዑስ ርዕሶች ደግሞ በተራ እንዲህ ይሁኑ፣ «14ቱ የቆሙት በመለዋወጫ እጥረት ነው»፣ «መለዋወጫው ዞን ከተማ ብቻ ይሸጣል፣ ኮሚቴዎቹ መግዣ የላቸውም»፣ «3 ጉድጓዶች ደርቀዋል፣ ጥገና አይመልሳቸውም»፣ «2 ፓምፖች ተሰባብረዋል፣ ሙሉ በሙሉ ይቀየሩ»። በቃ። ሰውዬው ስር ያለውን አንቀጽ ባያነብም ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ የቱ በትንሽ ብር እንደሚድን የቱ እንደማይድን ገብቶታል። የተጠራጠረው ወይም ብር የሚያስወጣው ጋ ሲደርስ ደግሞ ራሱ ቆሞ ያነባል፣ የት ማንበብ እንዳለበት ርዕሱ ነግሮታላ። ልዩነቱ ምንድነው ብትሉ የመጀመሪያው ርዕስ ስለምን እንደሚወራ ብቻ ነው የሚናገረው፣ ሁለተኛው የተገኘውን ነገር ራሱን ይናገራል፣ ማሰሪያ ግስ ያለው ሙሉ አረፍተ ነገር ነው። «የፓምፖች መቆም» ብላችሁ እንኳን አትለፉት፣ ስንት? ለምን? አሁንም ቆመዋል ወይስ ተጠግነዋል? ግሱን ስትውጡት እነዚህ ሁሉ አብረው ይዋጣሉ።

እዚህ ላይ የአማርኛችን ጠባይ የሚያመጣው ችግር አለ፣ ከፈረንጅ ማንዋል ላይ የምታነቡት ምክር አይሸፍነውም። ሰው ስክሪን ላይ ሲያነብ አይኑ በብዛት የሚያርፈው መስመሩ መጀመሪያ ላይ ነው፣ የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በፈረንጆቹ 2006 ያወጣው የአይን እንቅስቃሴ ጥናት ይሄንኑ አሳይቷል፣ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ወደ ቀኝ የሚሄደው አይን እያነሰ ይመጣል። የኛ ቋንቋ ደግሞ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ «አይሰጡም» የሚለው ግስ የሚመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እናንተ ደግሞ «በወረዳችን በ12 ቀበሌዎች ውስጥ በተለያዩ ጊዜያት በመንግስትና በአጋር ድርጅቶች ከተገነቡት የእጅ ፓምፖች መካከል» እያላችሁ ስትጀምሩ አንባቢው ግሱ ጋ ሳይደርስ ይሄዳል፣ ስልክ ላይ ከሆነማ ርዕሱ ሶስት መስመር ሆኖ ያርፋል። መድሃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ ርዕሱን አሳጥሩት፣ ስምንት ዘጠኝ ቃል ከበቂ በላይ ነው፣ ቀበሌውና አጋር ድርጅቱ ስር ያለው አንቀጽ ውስጥ ይግባ። ሁለተኛ ቁጥሩን ወይም የነገሩን ስም ፊት አምጡት። «19 ፓምፖች በመለዋወጫና በሌላ ምክንያት ቆመዋል» ብትሉ አይኑ መጀመሪያ ላይ 19 የሚለውን አግኝቷል፣ ግሱም ሩቅ አይደለም።

ርዕስ ይናገር ስል ግን ያልተረጋገጠውን ይናገር ማለቴ አይደለም፣ እዚህ ላይ ብትሳሳቱ ዝም ካለ ርዕስ የባሰ ጉዳት ነው የምታመጡት። ኮሎምቢያ የምትባለውን የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር አስታውሱ። ጥር 2003 በፈረንጆቹ ስትነሳ ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ የተላቀቀ ፎም ግራ ክንፏን መታት፣ ገና ህዋ ላይ እያለች የቦይንግ መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምተው ለናሳ ሃላፊዎች ስላይድ አቀረቡ። አንዱ ስላይድ ላይ የነበረው ርዕስ የሙከራው መረጃ ሲታይ ስሌታችን ወደ ጥንቃቄ ያደላ ነው የሚል መንፈስ ያለው፣ የሚያረጋጋ ርዕስ ነበር። ከታች፣ መጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ፣ በትንሽ ፊደል ምን ነበር የተጻፈው? በሙከራው የተሞከረው ፎም 3 ኪዩቢክ ኢንች ነው፣ የዚህኛው ግን 1920። 640 እጥፍ ማለት ነው፣ ማለትም ሙከራው ስለዚህኛው አደጋ የሚናገረው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። በፈረንጆቹ የካቲት 1 መንኮራኩሯ ስትመለስ ተበታተነች፣ ሰባቱም ሰዎች ሞቱ። አደጋውን የመረመረው ቦርድ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ባወጣው ሪፖርት ይሄን ስላይድ ለይቶ አንስቶታል፣ አንድ ከፍተኛ ሃላፊ አይቶት የህይወት አደጋ እንዳለ ሳይገባው ሊቀር እንደሚችል ጽፏል። አደጋው በስላይድ ብቻ መጣ አልልም፣ ብዙ ምክንያት ነበረው። ግን ርዕሱ «ያሁኑ ፎም ከሞከርነው 640 እጥፍ ይበልጣል» ቢል ኖሮ ማንም ሳያየው አያልፍም ነበር።

ወደ ወረዳችን ስንመለስ ፈተናው ያው ነው። «መለዋወጫ ከተገዛ 14ቱ ፓምፖች ስራ ይጀምራሉ» ብሎ መጻፍ ደስ ይላል፣ ሃላፊም ይወደዋል። ግን ቴክኒሻኑ ፈትቶ ያየው 9ኙን ብቻ ቢሆንስ? የቀሩትን 5 ከኮሚቴው በስልክ ጠይቆ ቢሆንስ? ያኔ ርዕሱ «ተፈትተው የታዩት 9 ፓምፖች ጎማ ብቻ ነው የጎደላቸው» ነው መሆን ያለበት፣ ከስሩም «5ቱ ገና አልታዩም» የሚል ለብቻው የቆመ ንዑስ ርዕስ ይግባ። ያላወቃችሁትን ነገር ርዕስ አድርጉት፣ አንቀጽ ውስጥ አትሸጉጡት። መጥፎውን ዜናም እንደዛው፣ «አንዳንድ ክፍተቶች ታይተዋል» የሚባለውን ነገር እባካችሁ ተዉት፣ ክፍተቱ ምን እንደሆነ እያወቃችሁ ነው እኮ የምትሸፍኑት።

ፎርማቱ ከላይ ነው የሚመጣው፣ «ያጋጠሙ ችግሮች» የሚለውን መቀየር አንችልም ትሉኛላችሁ፣ እውነት ነው፣ ዞኑ ወይም ለጋሹ በላከው ቅጽ ላይ መጨቃጨቅ አያዋጣም። ግን ቅጹ የሚያዘው ዋናውን ርዕስ ነው፣ ንዑሱን ማንም አልከለከላችሁም። 4.2 ያጋጠሙ ችግሮች እንዳለ ይቀመጥ፣ ከስሩ 4.2.1 ብላችሁ የራሳችሁን አረፍተ ነገር ጻፉ። ሽፋኑ ላይም «የግማሽ ዓመት እቅድ አፈጻጸም ሪፖርት» ከሚለው ስር በትንሽ ፊደል አንድ መስመር ብትጨምሩ፣ «19 ፓምፖች ቆመዋል፣ መለዋወጫ ከየካቲት በፊት ይፈለጋል» ብትሉ፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ሌላው ደግሞ ርዕሱን ጽፎ ቦልድ አድርጎ ፊደሉን ማተለቅ ብቻ ነው የብዙዎቻችን ልማድ፣ ይሄ ለአይን ርዕስ ይመስላል እንጂ ኮምፒውተሩ ርዕስ መሆኑን አያውቀውም። ወርድ ላይ ዋናውን ርዕስ Heading 1፣ ንዑሱን Heading 2 አድርጉት፣ ያኔ References ውስጥ Table of Contents የሚለውን ስትመርጡ ማውጫው በራሱ ይወጣል፣ ጽሁፉ ሲቀየር ማውጫው ላይ ቆማችሁ F9 ስትጫኑ የገጽ ቁጥሩ ይስተካከላል፣ በእጅ እየቆጠራችሁ ገጽ 41 ያላችሁት ገጽ 44 ላይ አይገኝም። ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይሩ Options ውስጥ ገብታችሁ Create bookmarks using Headings የሚለውን ምልክት አድርጉበት፣ ብዙ የፒዲኤፍ ማንበቢያዎች ላይ አንባቢው ርዕሶቹን በጎን አውጥቶ የፈለገው ጋ በአንድ ንክኪ ይደርሳል። ፎንታችሁም ዩኒኮድ ይሁን፣ በድሮዎቹ የጽሁፍ ፕሮግራሞች የተጻፈ ከሆነ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ርዕሱ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል፣ «ፓምፕ» ብሎ ፈልጎ የሚያገኘውም የለም።

ሪፖርቱን ከመላካችሁ በፊት ማውጫውን ብቻ ቆርጣችሁ ስለስራው ለማያውቅ ባልደረባ ስጡት፣ ከሂሳብ ክፍልም ይሁን ከመዝገብ ቤት። ያንን ብቻ አንብቦ ምን እንደተገኘና ምን እንደሚጠየቅ ይንገራችሁ። «ስለ ውሃ ነው» ካላችሁ ገና ነው፣ ቁጭ ብላችሁ ርዕሶቹን እንደገና ጻፏቸው። «ፓምፖች ቆመዋል» ብሎ ለምን እንደቆሙ ካልነገራችሁ የጎደለው ንዑስ ርዕሱ ነው፣ ገጽ 41 ላይ ሶስተኛውን አንቀጽ ፈልጉት፣ እዛ ውስጥ አለ፣ አውጡና ከላይ ጻፉት።