ኢንትሮፒ ነው ጋሼ

የእህቴ ልጅ እኛ ቤት ሆኖ ኢንጂነሪንግ ይማራል። ክፍሉ ለመግባት ሸሚዝ መርገጥ ግድ ነው። "አንሳው እንጂ!" ስለው ከአልጋው ቀና እንኳ ሳይል "ኢንትሮፒ ነው ጋሼ፤ የተፈጥሮ ሕግ" ይለኛል። በኛ ጊዜ ሰነፍ ቢያንስ "ራሴን አሞኝ" ይል ነበር።

ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። እኛንም የፊዚክስ መምህራችን "ኢንትሮፒ የዝብርቅርቅነት መለኪያ ነው" ብሎ አጽፎን አለፈ። "ለምን?" ላለ ጠመኔ ይወረውራል። ቂሙ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤ ምክንያቱም መልሱ ቀላል ነበር።

አስር ሸሚዝና አስር መስቀያ እንውሰድ። ከነጣው ወደ ጠቆረው በቀለም ተራ የሚሰቀሉበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። በጠቅላላ የሚሰቀሉበት መንገድ ግን 3,628,800 ነው። እጅህ እንዳመጣልህ ብትሰቅል ተራውን የመግጠም ነገር ሎተሪ ነው። ዝብርቅርቁ የሚያሸንፈው በጉልበት ሳይሆን በብዛት ነው። ቪየና በሚገኘው የፊዚክስ ሊቁ የቦልትዝማን መቃብር ላይ S = k log W ተብሎ የተቀረጸውም ይኸው ነው። S ኢንትሮፒው፣ k አንድ በጣም ትንሽ ቋሚ ቁጥር፣ W ደግሞ የመንገዶቹ ብዛት ነው።

ምሳሌው እስከዚህ ያስኬዳል። ከዚህ ወዲያ ማነከስ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ሸሚዝ እግር የለውም። የክፍሉ አየር ሞለኪውሎች ማንም ሳይነካቸው በሰከንድ 500 ሜትር ገደማ እየተወነጨፉ ቦታ ይቀያየራሉ። ሸሚዙ ግን ወለል ላይ የተገኘው አንድ ጎረምሳ ስለወረወረው ነው። ካልነኩት ለልጅ ልጅ እዚያው ይቆያል።

ዋናው ደግሞ መጠኑ ነው። በዚያው ቀመር ሲሰላ፣ አስሩ ሸሚዝ ተዘበራረቀ ብሎ የሚጨምረው ኢንትሮፒ በጁል በኬልቪን ሲለካ ከነጥብ በኋላ ሃያ አንድ ዜሮ ተደርድሮ የሚመጣ ቁጥር ነው። አንድ ግራም በረዶ ሲቀልጥ ግን 1.2 ጁል በኬልቪን ይጨምራል። የዓለም ኢንትሮፒ በጠቅላላው አይቀንስም የሚለው ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ሒሳቡን የሚያወራርደው በሙቀት ነው። እሱን ከሸሚዝ ክምር መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ይህን ተረት እንዴት እንደምወደው! ስንት ስብሰባ ላይ በሆዴ ብዬዋለሁ። አጀንዳው ውሃ ጠፋ ሆኖ ሰዓቱ ሁሉ ስለ ማኅተም ሲያልቅ...

ወደ ልጁ ልመለስ። ይህን ስነግረው አፉን ያዝኩ ብዬ ነበር። "ሳነሳው ግን ሰውነቴ ይሞቃል፤ የዓለም ኢንትሮፒ ይጨምራል። ብተኛ አይሻልም?" አይለኝም! የሚያናድደው፣ ግማሹ እውነት ነው። ማስተካከል ዋጋ አለው፤ ክፍሉ ሲስተካከል ሙቀቱ ወደ ውጭ ይወጣል።

የተኛ ሰውም ግን ምድጃ ነው። ጋደም ባለበት ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይለቃል። 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ይህ በየሰከንዱ አንድ ሦስተኛ ጁል በኬልቪን ገደማ ነው። አራት ሰከንድ ባንኮራፋ ቁጥር ያቺን አንድ ግራም በረዶ አቀለጠ ማለት ነው። ለዓለም ኢንትሮፒ እንዲህ ካሰበላት፣ መጀመሪያ መተኛቱን ይተው።