በጣም የጠራው ፎቶ ለምን ያሳስታል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ካራ አካባቢ ወደምሠራበት ፎቶ ቤት ፊቱ ላይ የተቀደደ የድሮ ፎቶግራፍ ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዚያኑ ሰው የመታወቂያ ፎቶ ጨምሮ ያመጣና «ከዚህ ወስደህ ሙላው» ይለኛል። ከቤት ከተገኘው ሁሉ ጥርት ያለው እሱ ስለሆነ አልፈርድበትም። እኔ ግን የጎደለው የሚሞላበት መሪ ፎቶ መመረጥ ያለበት በጥራቱ ሳይሆን በዕድሜ፣ በፊት አቅጣጫና በብርሃን ለተቀደደው በመቅረቡ ነው እላለሁ።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። አንዲት ደንበኛ ያመጣችው የሟች እናቷ የወጣትነት ፎቶግራፍ ግራ ዓይኑና አፍንጫው ጠፍቶ፣ ቀኝ ዓይን፣ አፍና አገጭ ብቻ ቀርተውት ነበር። እናትየው ፊታቸውን ጥቂት ወደ ጎን መልሰዋል። እኔ የሞላሁት በስተርጅና ፊት ለፊት ከተነሱት የመታወቂያ ፎቶ ነበር። መጋጠሚያው አይታይም፤ የሟች ታላቅ እህት ግን አይተው «ልጄ፣ ዓይኑስ የእሷ ነው፤ ሴትዮዋ ግን እሷ አይደለችም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ፊት ለፊት የተነሳ አፍንጫ በዞረ ፊት ላይ ሲቀመጥ ይሰፋል፣ ፍላሹም የአፍንጫውን ጥላ አጥፍቶት ነበር።

በኋላ በዚያው ዘመን የተነሳ የሠርግ ፎቶ ተገኘ። የእናትየው ፊት በስፋት አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ አዟዟሩ ግን ያው ነው። በ1200 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ፣ ስካን ሳደርገው ፊቱ ወደ 470 ፒክስል ሆነ። የተቀደደው ፎቶ ላይ ያለው ፊት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲሆን በ600 ዲፒአይ ወደ 700 ፒክስል ይደርሳል፤ ስለዚህ መሪውን አንድ ተኩል እጥፍ ማሳደግ በቂ ነበር። ከዚያ መሪውን የታችኛው እንዲታይ ግማሽ ግልጽ አድርጌ በተቀደደው ላይ በማንጠፍ በቀኝ ዓይን፣ በአፍ ጥግና በአገጭ አስተካከልኩት። ሦስቱ በማሳደግና በማዞር ብቻ ከገጠሙ መሪው ይሆናል፤ አንዱ ሲገጥም ሌላው የሚሸሽ ከሆነ አቅጣጫው የተለየ ነውና ጎትቶ ማስገጠም ሌላ ሰው መሥራት ነው።

ቅርጹን ከሠርጉ ፎቶ ከወሰድኩ በኋላ የመታወቂያው ፎቶ ያገለገለኝ ለጥቃቅኑ ነገር፣ ለግራ ጉንጭ ማርያም ስሞሽና ለቅንድቡ አበቃቀል ብቻ ነው። ብዙዎች የሚያደርጉትን፣ የተረፈውን ዓይን ገልብጦ በጎደለው ቦታ መለጠፍን፣ አልመክርም፤ በዞረ ፊት ላይ የራቀው ዓይን ጠበብ ብሎ ይታያል፣ የማንም ሰው ሁለት ዓይን ደግሞ እኩል አይደለም። ያለ መሪ ፎቶ ፊትን በራሳቸው የሚሞሉ መተግበሪያዎችም የሚሰጡት ከሌሎች ሰዎች ፊት የተማሩትን ነውና ውጤቱ መልከ መልካም እንግዳ ነው።

የታደሰውን ሳስረክብ የተቀደደውን ዋናውን ሳልነካ መለስኩላት፤ ከአዲሱ ጀርባም ግራ ዓይኑና አፍንጫው ከሠርግ ፎቶ የተወሰዱ መሆናቸውን በእርሳስ ጻፍኩበት።