ማጀቢያው ከማሰሪያ ግሱ ላይ ይውረድ

«ትረካው ደስ ይላል፣ ድምፅህም ያምራል፤ ግን ሙዚቃውን ቀንሰው፣ አንዳንዱ ቃል አይሰማም።»

እንዲህ ያለ አስተያየት ሲደርሰው አብዛኛው የትረካ አዘጋጅ የሙዚቃውን ትራክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ዝቅ ያደርገዋል። በሚቀጥለው ክፍል ሙዚቃው አለ ለማለት ያህል ብቻ ይቀራል፤ ቃሉ ግን አሁንም ይጠፋል። የሚጠፋው ቃል ደግሞ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ደጋግማችሁ ብታዳምጡ ብዙውን ጊዜ የዓረፍተ ነገሩ የመጨረሻ ቃል ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አማርኛ ማሰሪያ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ማን አደረገው፣ ተደረገ ወይስ አልተደረገም የሚለው ሁሉ እዚያች አንድ ቃል ውስጥ ነው። ተራኪው ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን ሲዘጋ ትንፋሹ ያልቃል፣ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። «ልጁ እስከ ማታ ድረስ አልተመለሰም» ሲል «ልጁ» ጎልቶ ይወጣል፤ «አልተመለሰም» ላይ ሲደርስ ድምፁ ሟሙቷል፣ የመጨረሻዋ «ም» በአፍንጫ ብቻ ታልፋለች። ንግግር ሲመጣ ሙዚቃን በራሱ የሚቀንስ ፕሮግራም የሚሳሳተው እዚህ ነው። ድምፁ ከተሰጠው ልክ በታች ሲወርድበት ንግግሩ ያለቀ ይመስለውና ሙዚቃውን ማንሳት ይጀምራል፤ ሙዚቃውም ግሱ ላይ ይወጣበታል። አድማጩ ልጁ ተመለሰ አልተመለሰ ሳይለይ ወደ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ያልፋል።

ብዙ ሰው በነፃ የሚጠቀምበትን Audacity እንውሰድ። ለዚህ ሥራ Auto Duck የሚባል መሣሪያ አለው። የንግግሩ ትራክ ከሙዚቃው ትራክ ወዲያው ሥር ይቀመጣል፤ መሣሪያው ከመከፈቱ በፊት የሚመረጠው ግን ሙዚቃው ነው። ሲከፈት Duck amount -12 ዴሲቤል፣ Maximum pause 1 ሰከንድ፣ Threshold ደግሞ -30 ዴሲቤል ሆነው ይጠብቃሉ። ለአማርኛ ትረካ -12 ይበቃል፤ ሁለቱን ግን እንዳሉ መተው አይመከርም። Threshold ወደ -40 ይውረድ፣ ደካማው ግስም እንደ ንግግር እንዲቆጠር። Maximum pause ወደ 3 ሰከንድ ይደግ፤ አለበለዚያ ተራኪው በሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ሙዚቃው ብቅ ጥልቅ ይላል። ሙዚቃው ተመልሶ የሚነሣበትን ጊዜ የሚወስነው Outer fade up length ከግማሽ ሰከንድ ወደ 1.5 ቢረዝም መመለሱ አይታወቅም።

-40 የማይሠራበት ጊዜም አለ። የክፍሉ ጸጥታ ራሱ -38 ላይ ከሆነ፣ ማለትም ማራገቢያ ወይም የመንገድ መኪና አብሮ ከተቀዳ፣ ፕሮግራሙ ንግግሩ መቼም ያላለቀ ይመስለዋል፤ ሙዚቃውም ከተቀበረበት አይነሣም። ይህን ለማወቅ ተራኪው ዝም ያለባትን አንዲት ሰከንድ መርጦ ሜትሩን ማየት ይበቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በሽታውን ከሥሩ መያዝ ነው፦ ሙዚቃው ከመነካቱ በፊት ንግግሩን በኮምፕረሰር በ3 ለ1 ገደማ ማስተካከል። ያኔ ከፍ ያለው ዝቅ፣ ዝቅ ያለው ከፍ ይላል፤ ግሱም የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ይጠጋል። ይህን የዘለለ ሰው ሙዚቃውን ስንት ጊዜ ቢቀንስ ችግሩ ከራሱ ድምፅ ጋር ነው።

በስንት ልዩነት ይቀመጥ ለሚለው መነሻ የሚሆን ቁጥር አለ። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ የሚያወጣው W3C በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ፣ ጥብቅ በሆነው ደረጃ፣ የጀርባ ድምፅ ከንግግሩ ቢያንስ በ20 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል ይጠይቃል። በተግባር ሲሰላ ንግግሩ በአማካይ -18 ላይ ከሆነ፣ ሙዚቃው ብቻውን ሲሰማ -26 ላይ ይቀመጥ፤ በንግግሩ ሥር በ12 ሲወርድ -38 ይደርሳል፣ 20ው ሞላ። በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይህ የበዛ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። ታክሲ ውስጥ በስልክ ለሚያዳምጠው ሰው ግን የበዛ አይደለም።

ቁጥሩ ሁሉ ተስተካክሎም የማይድን ሙዚቃ አለ፤ ምርጫው ላይ ከአብዛኛው አዘጋጅ የምንለየውም እዚህ ነው። ማጀቢያ የሚመረጠው በስሜቱ ብቻ አይደለም። መሣሪያው ከሰው ድምፅ ጋር ቦታ ይሻማል ወይ የሚለው እኩል ይመዝናል። ማሲንቆ የአዝማሪውን ድምፅ እየተከተለ እንዲዘፍን የተሠራ ነው፤ ድምፁም የሚውለው የሰው ድምፅ በሚውልበት ሰፈር ነው። በተራኪ ሥር ሲገባ ዝቅ ቢልም ጆሮ እንደ ሁለተኛ ተናጋሪ ይቆጥረዋል። ዋሽንትም በተለይ በሴት ተራኪ ሥር ተመሳሳይ ችግር አለበት። አንድ በአንድ የሚደረደር ክራር ግን እያንዳንዱ ክር ተነክቶ ወዲያው ስለሚከስም በመካከሉ ክፍተት ይተዋል፤ ቃል በዚያ ክፍተት ያልፋል። ያው ክራር ሲገረፍ ክፍተቱ ይደፈናል፤ «መጣ» እና «መታ»ን የሚለየው የ«ጠ» አጭር ፍንዳታም በግርፉ ይሸፈናል።

በገና የተለየ ጉዳይ ነው። ብዙዎች ወፍራም ስለሆነ ከንግግር በታች ይተኛል ብለው ይመርጡታል። የበገና ጥዝዝታ ግን የሚመጣው በክሮቹ ሥር ከሚገባው እንዚራ ከሚባለው ቁራጭ ቆዳ ነው፤ ያ ጥዝዝታ ከዋናው ወፍራም ድምፅ በጣም ወደ ላይ ይዘልቃል፣ ተነባቢዎች እስከሚለዩበት ከ1,000 እስከ 4,000 ሄርዝ ድረስ። ትንሽ የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ወፍራሙን ማውጣት አይችልም። ስለዚህ አድማጩ የሚደርሰው በገና ሳይሆን ጥዝዝታው ብቻ ይሆናል። በኢኳላይዘር ከ2,000 እስከ 4,000 ሄርዝ ያለውን በ4 ዴሲቤል ገደማ መቀነስ ይረዳል፤ ከዚያ በላይ ከተቀነሰ ግን በገናነቱ ይጠፋል። በዚያ ላይ በገና ለአድማጩ ጾምና ጸሎት ነው። የወንጀል ታሪክ ሥር ሲደረግ፣ ከድምፁ በፊት ትርጉሙ ከትረካው ጋር ይጣላል።

ስለ ስሜት ካነሣን፣ ሁሉንም በትዝታ ቅኝት ማጀብ ልማድ ሆኗል። አማርኛ የሚሰማ ሰው ትዝታን ገና በመጀመሪያዎቹ ድምፆች ያውቀዋል፤ ያለፈ፣ የተለየ፣ የማይመለስ ነገር እየመጣ መሆኑን ይጠብቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ደቂቃ ትዝታ የገባበት ታሪክ መጨረሻውን አስቀድሞ ተናግሯል። ልጁ ከቤት ሲወጣ ትዝታ ከተሰማ፣ እንደማይመለስ አድማጩ አውቆት ተቀምጧል። ሐዘኑ እስኪደርስ ድረስ ስሜቱን የማይወስን ነገር፣ ለምሳሌ ሁለት ሦስት ድምፆችን ብቻ የሚደጋግም ክራር ይሻላል፤ ትዝታው ከክስተቱ በኋላ ይምጣ። ዘፈን ያለበት ሙዚቃ ደግሞ በምንም ስሜት ቢሆን በንግግር ሥር አይገባም፤ ግጥም ከትረካ ጋር ሲደራረብ ሁለቱም አይሰሙም።

አሁን መጨረሻው። ትረካው ያልቃል፣ ሙዚቃው በአምስት ሰከንድ ውስጥ እየቀነሰ ይጠፋል፤ የተለመደው ይህ ነው። ሐረጉ መሃል ላይ እየጠፋ የሄደ ዜማ አዘጋጁ ሙዚቃውን የት እንደሚያቆመው አለማወቁን ይናገራል። ዜማው ወደ ተነሣበት ድምፅ ተመልሶ ሲያርፍ አብሮት ማቆም የሚጠይቀው ትንሽ ሒሳብ ብቻ ነው።

አንድ ችክችካ እንውሰድ፤ በደቂቃ 80 ትላልቅ ምት አለው እንበል። አንዱ ምት 0.75 ሰከንድ ነው። ሁለት ምት አንድ መስፈሪያ ሲሆን 1.5 ሰከንድ ይወስዳል፣ አራት መስፈሪያ ያለው ሐረግ ደግሞ 6 ሰከንድ። ሙዚቃው የመጨረሻው ክር ንዝረት ሳይቆጠር 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው፤ ማለትም 42 ሐረግ። ትረካው 3 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ላይ ያልቃል። ከሙዚቃው መሃል አምስት ሐረግ፣ ማለትም 30 ሰከንድ ቢወጣ ሙዚቃው 3 ደቂቃ ከ42 ላይ ያርፋል፤ የመጨረሻው ሐረግ የሚጀምረውም 3 ደቂቃ ከ36 ላይ ነው። እንግዲህ ትረካው በሙሉ በ3 ሰከንድ ወደ ኋላ ይገፋ፤ መግቢያው ላይ ሙዚቃው ብቻውን በ3 ሰከንድ ይረዝማል ማለት ነው። ያኔ የመጨረሻው ግስ ባለቀበት ቅጽበት አዲስ ሐረግ ይጀምራል፣ ሙዚቃው በዚያው ምት ከፍ ይላል፣ ስድስት ሰከንድ ተጫውቶ በራሱ ምት ይቆማል። እዚህ ቦታ ላይ Auto Duck አይታመንም፤ የመጨረሻው ከፍታ በእጅ ቢሠራ ይሻላል።

ቁርጡ የሚደረገው ከከበሮው ምት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ምቱ ላይ ሲቆረጥ ጫፉ ይበላና ደንቆሮ ይሆናል። ሁለቱ ጫፎች በ20 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይደራረቡ። የሚጮህ ክር ከቁርጡ ቀድሞ ተነክቶ ገና ካልከሰመ፣ ድርርቡ ይርዘም ወይም ቁርጡ ወደ ቀጣዩ ሐረግ ይዛወር።

ይህ ሒሳብ የሚያዋጣው በኮምፒውተር ምት ለተቀዳ ሙዚቃ ነው። ባንድ ሆኖ በአንድ ላይ የተቀዳ የቆየ ሙዚቃ ወደ መጨረሻው መፍጠኑ የተለመደ ነው፤ በመጀመሪያ 6 ሰከንድ የነበረው ሐረግ በሦስተኛው ደቂቃ 5.6 ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያ ወስዶ ከመጨረሻ ጋር ማጋጠም ከበሮው በድንገት የተቻኮለ ያስመስለዋል። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ሐረግ የሚጀምርበትን በእጅ ምልክት አድርጎ፣ አንድ ሐረግ ከዚህ አንድ ከዚያ እየለቃቀሙ ማውጣት ነው። ትረካው ከቀጠሮው ሁለት ሰከንድ ቢተርፍም፣ ትርፉን ሙዚቃው ላይ ከመፈለግ በፊት በመጨረሻው አንቀጽ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ዝምታ ይታይ፤ ከአራት ቦታ ግማሽ ግማሽ ሰከንድ ቢወሰድ ማንም አያውቀውም።