«ዜሮ ክፍያ» እየተባለ የሚቆረጥብን ብር

በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ገንዘብ የሚልኩባቸው የስልክ መተግበሪያዎች የምንዛሪ ተመንንና የአገልግሎት ክፍያን ለላኪው የሚያሳዩበት መንገድ ቤተሰብን እያጋጨ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በአንድ የንግድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በዚህም ምክንያት ከአሜሪካም፣ ከሳዑዲም፣ ከጅቡቲም ብር የሚላክለት ጎረቤት «እስቲ ይኼን እየው፣ የጎደለ የለም?» እያለ ስልኩን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። የሌላውን ጉዳይ ሳስረዳ ብሶቴን ዋጥ አድርጌ ቆይቻለሁ። ነገሩ የራሴን ቤት ሲነካ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ታላቅ እህቴ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ለእናታችን በየወሩ 200 ዶላር ትልካለች። የመተግበሪያውን ስም አልጠራም፤ የምናገረው የብዙዎቹን ጠባይ ነውና። የቀን ተመን ስለሚለዋወጥ ከዚህ በታች የማነሳቸውን ተመኖች ለስሌት በሚመች መልኩ አስተካክያቸዋለሁ፤ መካከለኛው የገበያ ተመን አንድ ዶላር በ150 ብር ነው እንበል። እህቴ መተግበሪያውን አውርዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትልክ 153 የሚል ተመን በደማቅ ቀለም ተጻፈላት፤ ከጎኑም 144 የሚል ቁጥር መስመር ተሰርዞበት ነበር። ከሥሩ ደግሞ «ክፍያ፦ ዜሮ» ይላል። እናቴ 30,600 ብር ደረሳት፣ መረቀቻት፣ ተደሰትን። በሚቀጥለው ወር ያው 200 ዶላር ተላከ፤ ክፍያውም ያው ዜሮ ነው። የደረሰው ግን 28,800 ብር ሆነ። 1,800 ብር የት ገባ?

እናቴ እህቴን ጠረጠረች፤ «ኑሮ ከብዷት ቀንሳ ልካ ይሆናል፣ አትጠይቃት» አለችኝ። እህቴ በበኩሏ ባንኩ ቆርጦ ያስቀረ መስሏት እኔን ባንክ ሂድና ጠይቅ አለችኝ። ባንኩ ምንም አልቆረጠም። እህቴም አልቀነሰችም። በመጀመሪያው ወር የታየው 153 ለአዲስ ደንበኛ፣ ለመጀመሪያው ላኪነት ብቻ የተሰጠ የማባበያ ተመን ነበር፤ ከገበያው ተመን እንኳ በላይ መሆኑ ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። ኩባንያው ደንበኛ ለማፍራት ከራሱ ኪስ 3 ብር ጨምሮ ነው የመነዘረው። በሁለተኛው ወር የተሰረዘው ቁጥር ስረዛው ተነሥቶለት እውነተኛ ተመን ሆኖ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን «ባለፈው የነበረው ቅናሽ አብቅቷል» የሚል ጽሑፍ በደማቅ ቀለም አልወጣም። አንዳንዶቹ መተግበሪያዎች ይህን የአዲስ ደንበኛ ተመን እስከተወሰነ የዶላር መጠን ድረስ ብቻ ይሰጡና የተረፈውን በተራው ተመን ይመነዝሩታል፤ ላኪው ግን በመጀመሪያው ገጽ ያየው አንድ ትልቅ ቁጥር ብቻ ነው።

ይህም ይሁን። ማስተዋወቂያ በየትም ያለ ነው። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ «ዜሮ ክፍያ» የሚለው ነው።

ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት ከላኪው ገንዘብ የሚያገኝባቸው ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው በስሙ የሚጠራው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለተኛው የተመን ልዩነት ነው፤ ማለትም ዶላሩ በገበያው 150 ብር የሚያወጣ ሆኖ ሳለ ለላኪው በ144 ሲመነዘርለት በእያንዳንዱ ዶላር 6 ብር በመንገድ ይቀራል። በ200 ዶላር ላይ ይህ 1,200 ብር፣ ወይም 8 ዶላር፣ ከተላከው ገንዘብ 4 በመቶ ነው። የዓለም ባንክ የገንዘብ መላኪያ ወጪን ሲለካ ሁለቱን ደምሮ ነው የሚለካው፤ ወጪው እ.ኤ.አ. በ2030 ከ3 በመቶ በታች ይውረድ ተብሎ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ግቦች ውስጥ የተቀመጠውም ድምሩን ይዞ ነው። መተግበሪያው ግን አንዱን በር ዘግቶ «ዜሮ» ብሎ ይለጥፍበትና ሌላኛውን ወለል አድርጎ ይከፍታል። እዚህ ታይዋን ገበያ «ስፌቱ በነጻ ነው» እያለ የጨርቁን ዋጋ በሜትር የሚቆልል ነጋዴ ቢኖር በሁለተኛው ቀን ስሙ በከተማው ይነሣ ነበር።

ለማነጻጸር ሌላ መተግበሪያ ከፈትን። እርሱ 3.99 ዶላር ክፍያ እንደሚያስከፍል በግልጽ ይጽፋል፣ ተመኑ ግን 149 ነው። እህቴ መጀመሪያ ላይ «ዜሮ እያለ ለምን አራት ዶላር እከፍላለሁ?» ብላ ተቃወመች፤ የዲዛይኑ ዓላማም ይህንኑ እንድትል ነበር። አብረን አሰላነው። ክፍያው ከ200 ዶላሩ ላይ ተቀንሶ 196.01 ዶላር ይቀራል፤ በ149 ሲባዛ 29,205 ብር ከሳንቲም ይሆናል። ክፍያ አለበት የተባለው መንገድ ከዜሮው መንገድ 405 ብር አስበልጦ ለእናቴ አደረሰ ማለት ነው። በ1,000 ዶላር ላይ ልዩነቱ ከ4,400 ብር ያልፋል፤ ምክንያቱም 3.99ኙ ባለበት የሚቆም ቁጥር ሲሆን የተመን ልዩነቱ ግን ከገንዘቡ ጋር አብሮ እያደገ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ግን ፍርድ እንዳላጣምም አንድ ነገር ልጨምር። 50 ዶላር ብቻ የሚልክ ሰው በዚሁ ስሌት በዜሮው መንገድ 7,200 ብር ሲያደርስ፣ በክፍያው መንገድ የሚያደርሰው 6,855 ብር ገደማ ነው። በእነዚህ ሁለት ተመኖች መሠረት ሚዛኑ የሚገለበጠው ወደ 119 ዶላር ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ዜሮው ያዋጣል፣ ከዚያ በላይ ክፍያው ያዋጣል። ስለዚህ «ክፍያ ያለው ሁሌ ይሻላል» የሚል ምክር እየሰጠሁ አይደለም። ደግሞም ድርጅቱ ትርፍ ለምን ያገኛል የሚል ክስ የለኝም፤ እዚህ ብሩን የሚከፍለውን ባንክ ይከፍላል፣ ተመኑ ሲዋዥቅ ኪሳራውን ይሸከማል። ክሴ የሚቆረጠውን ነገር በስሙ አልጠራውም ማለቱ ላይ ነው።

ሕጉስ የት አለ የምትሉ ትኖራላችሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የጸና ደንብ አለ፤ ላኪው ከመክፈሉ በፊት ክፍያውን፣ ተመኑንና ተቀባዩ የሚያገኘውን መጠን ማየት አለበት፣ ከከፈለም በኋላ በአብዛኛው በ30 ደቂቃ ውስጥ ሐሳቡን ቀይሮ መሰረዝ ይችላል። ጥሩ ደንብ ነው፤ እህቴም በስልኳ ላይ ሦስቱንም አይታለች። ደንቡ የማያስገድደው ግን የተሰጠው ተመን ከገበያው በስንት እንደሚያንስ እንዲጻፍ ነው። 144 የሚለው ቁጥር ብቻውን ቆሞ ከምን አንጻር ይመዘናል? የእኛን ገበያ በየቀኑ የማይከታተል ሰው ደህና ተመን መስሎት ያልፋል።

የእኛ ሁኔታ ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። ብር በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር አካባቢ የሚመነዘር አንድ የታወቀ ዋጋ ነበረው፤ ተመኑ በየባንኩ ያን ያህል አይለያይም ነበር። አሁን ባንኮች የየራሳቸውን መግዣ ዋጋ ያወጣሉ፣ ብሔራዊ ባንክም በየቀኑ አመላካች ተመን ይለጥፋል። ስለዚህ ላኪው የሚመዝንበት ነገር አለ፣ ነገር ግን ተመኑ በተሰጠበት በዚያው ቀን ማየት ይኖርበታል፤ ከባንኮቹም ሰንጠረዥ የጥሬ ገንዘቡን ሳይሆን የሐዋላውን መግዣ ዋጋ ማንበብ አለበት። ያለፈ ሳምንት ቁጥር ይዞ መከራከር ከንቱ ነው። ይህን ሥራ መተግበሪያው በአንድ መስመር ሊሠራው ሲችል በሥራ የደከመች ሴት በእረፍት ሰዓቷ እንድትሠራው መተው ምን ይባላል?

ሌላው ወጥመድ ተመኑ እንደ ምርጫው መለዋወጡ ነው። በፊት ገጽ ላይ የሚታየው ከሁሉ የተሻለው ነው። ላኪው «ወደ ባንክ ሒሳብ» የሚለውን ትቶ «በጥሬ ገንዘብ የሚወሰድ» ወይም «ወደ ቴሌብር» የሚለውን ሲመርጥ ቁጥሩ ድምፅ ሳያሰማ ሊወርድ ይችላል። አከፋፈሉንም በክሬዲት ካርድ ካደረገ የካርዱ ባንክ ግብይቱን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ቆጥሮ የራሱን ክፍያና ወለድ ከዚያው ቀን ጀምሮ ሊያስብ ይችላል፤ ይህ በመተግበሪያው ድምር ውስጥ አይገባም፣ የሚታየው በወሩ መጨረሻ በካርዱ መግለጫ ላይ ነው። አንዲት የሳቢያን ጎረቤቴ ልጇ «በነጻ ላክሁ» ብሏት የካርድ ዕዳው ሲመጣ ከሚስቱ ጋር የተጣላው በዚህ ነው።

እህቴና እኔ አሁን የምናደርገው የላኪውን ሳጥን ትቶ የተቀባዩን ሳጥን መሙላት ነው። ተቀባይ በሚለው ላይ 30,000 ብር ብላ ትጽፋለች፣ የአላላክና የአከፋፈል ዓይነቱን አስቀድማ ትመርጣለች፣ ከዚያ ከካርዷ በጠቅላላ የሚወጣውን ዶላር ብቻ ታያለች። በዜሮው መንገድ 208.33 ዶላር፣ ክፍያ ባለው መንገድ 205.33 ዶላር ይሆናል። ክፍያው ከላይ ይደመር ወይም ከውስጥ ይቀነስ የሚለው ግራ መጋባትም በዚህ ይጠፋል፤ ሁለቱንም መተግበሪያዎች በአንድ ሰዓት መክፈት ግን ግድ ነው።

ለተቀባዩ ግን ይህ ሁሉ አይታየውም። እናቴ ስልክ ላይ የሚገባው መልእክት «ይህን ያህል ብር ገቢ ሆኗል» ከማለት አያልፍም፤ ስንት ዶላር ተልኮ፣ በስንት ተመን ተመንዝሮ፣ ስንት ተቆርጦ እንደመጣ አይናገርም። ሦስቱ ቁጥሮች በላኪው ስልክ ላይ ተዘጋጅተው ይገኛሉ፤ ድርጅቶቹ ወደ እናቴም ስልክ ይላኩልን።