የሌኒንግራድ ሮክና የእኛ ሙዚቃ ቤት ካሴት

ሩሲያ የሚኖር ሐበሻ ከሶቪየት ዘመን ሰዎች ጋር ስለ ሙዚቃ ካወራ ወሬው ካሴት ላይ መድረሱ አይቀርም። እኛም አገር ከሸክላ በኋላ የነገሠው ካሴት ነው። መንገዱ ግን ለየቅል ነበር።

እኛ ጋ ሙዚቃ ቤቱ ለዘፋኙ ከፍሎ ያስቀዳ፣ ያባዛ፣ ይሸጥ ነበር። ሰው ከጓደኛው ላይ ሲቀዳ የሚጎዱት ዘፋኙና ባለ ሱቁ ነበሩ። በሶቪየት ኅብረት ደግሞ ሸክላ የሚያትመው ሜሎዲያ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ብቻ ስለነበር፣ እሱ ያልፈለገው ሮክ ሱቅ አይደርስም። እንዲቀዳላቸው የሚመኙት ራሳቸው ሙዚቀኞቹ ነበሩ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድምፅ ቀጂው አንድሬይ ትሮፒሎ ሌኒንግራድ ውስጥ አክቫሪየምና ኪኖ የተባሉትን የሮክ ባንዶች በትልቁ የሪል ቴፕ ቀዳ። የሽፋኑ ፎቶ ታጥቦ ካርቶኑ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ክሩ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። የሚፈልግ ሰው ባዶ ክር ይዞ ይመጣል።

አቀዳዱ ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ቴፕ በገመድ ይገናኛሉ፣ አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። በማይክሮፎን ከተቀዳ የክፍሉ ድምፅ ሁሉ አብሮ ይገባል። የድምፁ መጠን ዝቅ ካለ የክሩ ሽሽታ ዘፈኑን ይውጠዋል፤ የድምፅ መለኪያው መርፌ ቀዩን አልፎ ከቆየ ደግሞ ከበሮው ይሰነጠቃል። ሽሽታው በየቅጂው ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ስለዚህ ብልህ ሰው «ይህ ስንተኛ ቅጂ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበው የቴፑ ጭንቅላት ነው። ጭንቅላቱ ለክሩ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ ጸናጽሉ አይሰማም፣ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ይመስላል። ያን ጊዜ መጀመሪያ ጭንቅላቱ በአልኮል ይጠረጋል። ካልተሻለ ክሩ እየተጫወተ ከጎኑ ያለችው ብሎን በጣም በትንሹ ትዞራለች፤ ጸናጽሉ ጠርቶ የተሰማበት ላይ ይቆማል። ይህ ከመቅዳት በፊት ካልተደረገ የጠፋው ድምፅ በቅጂው ላይ ለዘለዓለም ጠፍቷል።

ሌላው የፍጥነት ነገር ነው። የኪኖ የመጀመሪያ አልበም ስሙ «45» ነው፣ የደቂቃው ብዛት። የዘጠና ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ የሚይዘውም ይህንኑ ያህል ነው። የሚቀዳው ቴፕ ትንሽ ከፈጠነ ክሩ ቀድሞ ያልቅና የመጨረሻው ዘፈን ይቆረጣል። በመቶ ሦስት ከዘገየ ሁሉም ይገባል፤ ነገር ግን ያ ካሴት በደህና ቴፕ ሲጫወት 45ቱ ደቂቃ ወደ 43 ከ39 ሰከንድ ይወርዳል፣ ድምፁም የግማሽ ኖታን ግማሽ ያህል ይቀጥናል። ተቀባዩ ዋናውን ስላልሰማ ስህተቱን አያውቅም፤ በጊታር ሊከተለው ሲሞክር ነው ክሮቹ አልገጥም የሚሉት።

አዲስ አበባ ላይ ገዢው ከሙዚቃ ቤቱ የሚያገኘው ካሴት ለዋናው ቅጂ ቅርብ ነበር። ከሌኒንግራድ ርቆ የሚኖር አድማጭ ግን የኪኖን ዘፋኝ የሚያውቀው ብዙ እጅ ባለፈ፣ ምናልባትም በቀጠነ ድምፁ ነበር።